25 ፐርሰንት ጨምሬ 25 ፐርሰንት ቀነስኩ፤ 3,500 ብሩ የት ገባ?

ቬንትሌተሩ
ሰላም ለድሬ ልጆች በሙሉ። የሒሳብ ሰው ካለ ይርዳኝ፣ ነገሩ የቤት ጠብ ሊሆን ነው።

ታይዋን ገበያ ውስጥ አጎቴ ሱቅ ነው የምሠራው። ቬንትሌተር፣ ምድጃ፣ ፍላስክ ምናምን እንሸጣለን። የቁም ቬንትሌተር 4,000 ብር ነበር የምንሸጠው። ግንቦት ገባ። ድሬ ግንቦት ላይ ምን እንደምትሆን ለናንተ አልነግርም። አጎቴ «25 ፐርሰንት ጨምርበት» አለኝ። ጨመርኩ፣ 5,000 ሆነ። ሰዉ ተሻምቶ ወሰደው።

አሁን ዝናብ ጣል ጣል ሲያደርግ ገበያው ቀዘቀዘ። አጎቴ ጅግጅጋ ለዕቃ ሄዶ ነበር። ደውሎ «የጨመርነውን አንሳና ወደ ድሮው መልሰው» አለኝ። እኔም ካርቶን ቀድጄ በማርከር «25 ፐርሰንት ቅናሽ» ብዬ ለጠፍኩ። ካልኩሌተሩን ስመታው 3,750 አለኝ። ትንሽ ገረመኝ፣ ግን ማሽን አይሳሳትም ብዬ በዚያው ቀጠልኩ። በአራት ቀን 14 ሸጥኩ።

አጎቴ ተመለሰ። 14 ሲባዛ በ4,000፣ 56,000 ብሎ ጠበቀ። መሳቢያው ውስጥ ያለው 52,500 ነው። 3,500 ብር ጎደለ። አምስት ሳንቲም አልነካሁም፣ ዋላሂ። 25 ወጣ፣ 25 ወረደ፣ ዜሮ መሆን ነበረበት አይደል? ማነው የተሳሳተው? እኔ፣ አጎቴ ወይስ ማሽኑ?

ከዚራ ጥላ ሥር
ማሽኑን እሰረው።

አሸዋ ነጋዴ
አቦ አንተ ልጅ፣ ማሽኑ ምንም አላጠፋም። 25 ፐርሰንት የምንድን ነው ብለህ አልጠየቅክም። ስትጨምር የ4,000ን 25 ፐርሰንት ነው የጨመርከው፣ 1,000 ብር። ስትቀንስ ግን የ5,000ን 25 ፐርሰንት ነው የቀነስከው፣ 1,250 ብር። ትንሽ ቁጥር ላይ ጨምረህ ትልቅ ቁጥር ላይ ቀነስክ። በአንዱ 250 አጣህ ማለት ነው። 14 ጊዜ 250፣ 3,500። ይኸው ብርህ።

እኔ ሃያ ዓመት ነግጃለሁ። ዘዴው መጀመሪያ መቀነስ፣ ከዚያ መጨመር ነው። እንደሱ ብታደርግ 250ውን ታተርፍ ነበር።

ቬንትሌተሩ
@አሸዋ ነጋዴ እግዜር ይስጥህ ጋሼ! 3,500ው በትክክል ወጣ። ይህን ለአጎቴ አሁኑኑ አሳየዋለሁ። ግን የመጨረሻው ነገር አልገባኝም። መጀመሪያ ብቀንስ አተርፋለሁ ነው የምትለኝ?

አሸዋ ነጋዴ
አዎ። ተገላቢጦሽ ነውና።

ጡረተኛው መምህር
ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የአሸዋው ወንድማችን የመጀመሪያውን አንቀጽ በደንብ ተናገረ። ሁለተኛው ላይ ግን ሳተ። ወረቀት ያዙና አብረን እንየው።

4,000 ብር አለ። መጀመሪያ 25 ፐርሰንት ቀንሱ። 1,000 ወጣ፣ 3,000 ቀረ። አሁን 25 ፐርሰንት ጨምሩ። የ3,000 ሩብ 750 ነው። 3,750 ሆነ። ያው ልጁ የሸጠበት ዋጋ። አንድ ብር እንኳ ልዩነት የለውም።

አሸዋ ነጋዴ
እንዴት ሆኖ? በመጀመሪያው መንገድ ቅናሹ ትልቅ ቁጥር ላይ ስለወደቀ ነው የከሰረው። በሁለተኛው ጭማሪው...

ቆይ ላስላው።

አሸዋ ነጋዴ
እሺ 3,750 ነው። ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ግን አሁንም ልቤ አልተቀበለውም።

ጡረተኛው መምህር
ልብህ እንዲቀበለው እንዲህ እየው። በመጀመሪያው መንገድ 1,000 ጨመርክ፣ 1,250 ቀነስክ። በሁለተኛው 1,000 ቀነስክ፣ 750 ጨመርክ። አየህ? በሁለቱም መንገድ የምትቀንሰው ከምትጨምረው በ250 ይበልጣል። ምክንያቱም ቅናሽ ሁልጊዜ የሚለካው ዋጋው ከፍ ብሎ በቆመበት ጊዜ ነው። ጭማሪም ሁልጊዜ የሚለካው ዋጋው ዝቅ ብሎ በቆመበት ጊዜ ነው። ቅደም ተከተሉን ስትቀይር ይህ አይቀየርም።

በማባዛት ካየኸው ደግሞ አንድ መስመር ነው። 25 ፐርሰንት መጨመር ማለት በ1.25 ማባዛት ነው። 25 ፐርሰንት መቀነስ በ0.75 ማባዛት ነው።

4,000 × 1.25 × 0.75 = 3,750
4,000 × 0.75 × 1.25 = 3,750

በማባዛት ማን ይቅደም ማን ይከተል ለውጥ የለውም። ሦስት ጊዜ አራትም አራት ጊዜ ሦስትም አሥራ ሁለት ነው።

አሸዋ ነጋዴ
ሃያ ዓመት ሙሉ ለሠራተኞቼ የተሳሳተ ነገር ነበር የምነግረው በለኛ። በዚህ ሙቀት መሳሳት ደግሞ ይቅር ይባላል።

የመኪና ግርግር ሰፊ
ከሐረር ነኝ። መኪና ግርግር ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ይህ ነገር እኔም ላይ ደርሷል። ያኔ ግን ምክንያቱን አላወቅኩም ነበር።

ለበዓል ሥራ ሲበዛ የስፌት ዋጋ በ50 ፐርሰንት ጨመርኩ። 800 የነበረው ቀሚስ 1,200 ሆነ። በዓሉ ሲያልፍ ሴቶቹ መጥተው «የጨመርሽብንን 50 ፐርሰንት አንሺ» አሉኝ። ፍትሐዊ መሰለኝ። የ1,200 ግማሽ 600 ነው። 600 ብዬ መስፋት ጀመርኩ። ክር ገዝቼ፣ የመብራት ከፍዬ፣ የልጅቷን ከፍዬ ስጨርስ እጄ ላይ የሚቀር የለም። ሁለት ወር ሙሉ «ዘንድሮ ሥራ ለምን አልተባረከም» እያልኩ ስጨነቅ ነበር። 800 የነበረ ቀሚስ በ600 እየሰፋሁ እንዴት ይባረካል!

መምህር፣ የኔ ለምንድን ነው ከልጁ የበለጠ የከፋው? እሱ ከ4,000 ላይ 250 ነው ያጣው። እኔ ከ800 ላይ 200 ብር።

ጡረተኛው መምህር
እህቴ፣ ጥያቄሽ ከሁላችንም ጥያቄ የተሻለ ነው።

አሁን ቁጥሩን ትተን ብሩን እናስብ። የልጁ ቬንትሌተር 5,000 በሆነ ጊዜ ሁለት ክምር ብር አብሮ ተቀምጧል እንበል። አንዱ አሮጌው 4,000 ነው። ሌላው አዲሱ 1,000 ነው። የ25 ፐርሰንት ቅናሽ ሲመጣ ሁለቱንም ይቆርጣል። ከአሮጌው 4,000 ላይ 1,000 ይወስዳል። ይህ ከጨመረው 1,000 ጋር ይጣፋል፣ እዚህ ድረስ ዜሮ ለዜሮ ነን። ቅናሹ ግን በዚህ አይቆምም። ከአዲሱ 1,000 ላይም ሩቡን ይወስዳል። ያ 250 ነው የጠፋው ብር። የ25 ፐርሰንት 25 ፐርሰንት።

ስለዚህ ኪሳራው የሚታወቀው ፐርሰንቱን በራሱ አባዝተሽ ለ100 ስታካፍዪ ነው።

25 × 25 ÷ 100 = 6.25

ልጁ ከድሮው ዋጋ 6.25 ፐርሰንት አጣ። የ4,000 6.25 ፐርሰንት 250 ነው። ያንቺ ደግሞ፦

50 × 50 ÷ 100 = 25

ከድሮው ዋጋሽ ሩቡ ሄደ። የ800 ሩብ 200። ፐርሰንቱ እጥፍ ሲሆን ኪሳራው እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። የከፋብሽ ለዚህ ነው።

የመኪና ግርግር ሰፊ
አላህ ይስጥህ። ስለዚህ የሴቶቹ ጥፋት አይደለም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ያኔ አንዷን ተቀይሜያት ነበር።

ከዚራ ጥላ ሥር
እና 100 ፐርሰንት ጨምሮ 100 ፐርሰንት የሚቀንስ ሱቅ ካለ ንገሩኝ። ቬንትሌተር በነፃ እወስዳለሁ።

ጡረተኛው መምህር
ቀልድህ ሒሳቡ ትክክል ነው። 100 × 100 ÷ 100፣ ኪሳራው መቶ ከመቶ።

የለገሃር ልጅ
ይህ ነገር የዶላሩን አስታወሰኝ። ወንድሜ ከውጭ ብር ስለሚልክልን በደንብ ነው የምከታተለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ የተለቀቀ ዕለት ዶላሩ ከ57.48 ወደ 74.73 ብር ዘለለ። ያን ጊዜ «ብር 30 ፐርሰንት ወደቀ» ተባለ። ጓደኛዬ ደግሞ 23 ፐርሰንት ነው ብሎ ድርቅ አለ። እስከ ዛሬ እንጣላለን። ማነው ትክክል?

ሳቢያን ሒሳብ ሠራተኛ
@የለገሃር ልጅ ጥያቄው የልጁ ጥያቄ አይደለም፣ የአክስቱ ልጅ ነው እንበል። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን ስለተለያየ ነገር ነው የምታወሩት።

ከዶላሩ በኩል ከቆምክ፣ አንድ ዶላር ለመግዛት የምትከፍለው ብር በ30 ፐርሰንት ጨመረ። 57.48ን በ1.30 አባዛው፣ 74.72 ይመጣል። ከብሩ በኩል ከቆምክ ግን አንድ ብር የሚገዛው ዶላር ከቀድሞው 77 ፐርሰንት ብቻ ሆነ። ስለዚህ ብሩ የወረደው 23 ፐርሰንት ነው። ጓደኛህ «ብር ወደቀ» ለሚለው ቃል የሚሆነውን ቁጥር ነው የያዘው። አንተ ደግሞ «ዶላር ጨመረ» ለሚለው።

ከልጁ ቬንትሌተር ጋር የሚያገናኘው ይህ ነው። በዚያ ሳምንት ዶላሩ 30 ፐርሰንት ተመልሶ ቢወርድ ኖሮ 57.48 ላይ አይቆምም ነበር። 74.73 በ0.70 ሲባዛ 52.31 ነው። ወደ ድሮው ለመመለስ 23 ፐርሰንት መውረድ ይበቃው ነበር።

የለገሃር ልጅ
ስለዚህ ጓደኛዬን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ? ሌላ መፍትሔ የለም?

ቬንትሌተሩ
ወደኔ ተመለሱ እባካችሁ። ሳቢያን፣ ቅድም «ወደ ድሮው ለመመለስ» ያልከው ነገር። እኔ 5,000ውን ወደ 4,000 ለመመለስ ስንት ፐርሰንት ብዬ መለጠፍ ነበረብኝ?

ሳቢያን ሒሳብ ሠራተኛ
20። የጨመርከውን ብር አሁን ላለው ዋጋ አካፍለው። 1,000 ለ5,000፣ አንድ አምስተኛ ነው። 20 ፐርሰንት። 25 የጨመረ ሰው 20 ቀንሶ ይመለሳል። 50 የጨመረችው እህታችን ደግሞ 400ውን ለ1,200 አካፍላ አንድ ሦስተኛ፣ 33 ፐርሰንት ገደማ ነበር መቀነስ ያለባት።

በተገላቢጦሽ ሲሆን ደግሞ ፐርሰንቱ ያድጋል። 20 ፐርሰንት ቀንሰህ ወደ ድሮው ለመመለስ 25 መጨመር አለብህ። ግማሽ ዋጋ ያደረገ ሰው ለመመለስ 100 ፐርሰንት መጨመር ይኖርበታል።

እኔ መሥሪያ ቤት ይህን ስህተት በየወሩ የማየው በቫት ነው። ቫት 15 ፐርሰንት ነው። 1,000 ብር የነበረ ዕቃ ከነቫቱ 1,150 ይሆናል። አዲስ የሚቀጠር ልጅ ቫቱን አውጣ ስትለው ከ1,150 ላይ 15 ፐርሰንት ይቀንስና 977.50 ይጽፋል። 22.50 ጠፋ። ማካፈል ነው ያለበት፣ 1,150 ÷ 1.15።

እኔ አንተን የምመክርህ ግን ሌላ ነገር ነው። አጎትህ «ወደ ድሮው ዋጋ መልሰው» ሲልህ ፐርሰንት ውስጥ መግባት አልነበረብህም። የድሮው ዋጋ ይታወቃል፣ 4,000። 4,000 ብለህ ትለጥፋለህ፣ አለቀ።

ቬንትሌተሩ
«25 ፐርሰንት ቅናሽ» ሲባል ሰው ይመጣል ብዬ ነዋ።

ሳቢያን ሒሳብ ሠራተኛ
መጥቷልም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቬንትሌተሩ እናንተ ጋ ሲገባ ስንት ነው የሚያወጣው?

ቬንትሌተሩ
አጎቴ ይገድለኛል ግን 3,600።

ሳቢያን ሒሳብ ሠራተኛ
በል እንግዲህ ዋናው ጉዳት እዚህ ጋ ነው። 6.25 ፐርሰንት ሲባል ትንሽ ይመስላል። ከዋጋው ላይ ትንሽ ነው። ከትርፉ ላይ ግን ስታየው ሌላ ነው። በ4,000 ስትሸጥ ከአንዱ 400 ታተርፍ ነበር። በ3,750 የምታተርፈው 150 ነው። ከትርፉ ከግማሽ በላይ ሄደ።

14 ሸጠህ ያገኘኸው ትርፍ 2,100 ነው። በ4,000 ስድስት ብቻ ብትሸጥ 2,400 ታገኝ ነበር። ስምንት ቬንትሌተር ሱቁ ውስጥ ቀርቶልህ ማለት ነው።

አሸዋ ነጋዴ
ይህቺ ናት የነጋዴ ሒሳብ። ግን ስምንቱ ሱቁ ውስጥ ይቀራል ስትል ክረምቱን ሙሉ ገንዘብ አስሮ ይቀመጣል ማለት ነው። እኔ ብሆን 14ቱን ሸጬ ብሩን አዟዙሬ ሌላ ዕቃ አመጣበታለሁ። ብር ሲተኛ ይበላሻል።

ሳቢያን ሒሳብ ሠራተኛ
በምን ዕቃ እንደምታዟዙረው ይወስነዋል። ለዚህ መልስ የለኝም።

ቬንትሌተሩ
አንድ ነገር ልናዘዝ። የቁም ቬንትሌተሩ ካለቀ በኋላ የሁለት ቀን ሙቀት ተመልሶ መጥቶ ነበር። አዲስ ዕቃ ገባ። ዋጋው ካርቶኑ ላይ 3,750 ተብሎ ስላለ በዚያ ላይ 25 ፐርሰንት ጨመርኩ። 4,690 አካባቢ። ከዚያ ሲቀዘቅዝ መልሼ 25 ቀነስኩ። በዚህ ዋጋ ሦስት ሸጫለሁ። ይህም ተመሳሳይ ችግር ነው?

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ይህ ከፊተኛው ይብሳል።

3,750 × 1.25 = 4,687.50
4,687.50 × 0.75 = 3,515.63

የገባበት ዋጋ 3,600 ነው ብለሃል። አሁን እያንዳንዱን 84 ብር ከኪስህ ጨምረህ ነው የሸጥከው። አንድ ዙር በሄድክ ቁጥር ዋጋው በ0.9375 ይባዛል። የመጀመሪያው ዙር ትርፍህን ነካ። ሁለተኛው ዙር ዋናውን ነካ። ሦስተኛ ዙር ብትሄድ 3,296 አካባቢ ትደርሳለህ። የወጣበትና የወረደበት ፐርሰንት አንድ ስለሆነ ካርቶኑ ላይ ምንም የሚያስጠነቅቅ ምልክት አታይም።

ሰው ይህን እንዴት ያውቃል ካልክ፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር ያዝና የመጀመሪያውን ዋጋ በቀይ ጻፈው። ምንም ብትጨምር ብትቀንስ መመለሻህ እሱ ይሁን። ከመጨረሻው ካርቶን ላይ ተነስተህ አታስላ።

ቬንትሌተሩ
ስለ ሦስቱ ለአጎቴ አልነግረውም።

የመኪና ግርግር ሰፊ
ንገረው ልጄ። ከሰው ቢሰማ ይብሳል።

የለገሃር ልጅ
እኔ ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ጫት ጠዋት ይወጣል፣ ከሰዓት ይወርዳል። በየቀኑ ነው። እንዲህ ከሆነ በዓመት ውስጥ ዋጋው አልቆ ዜሮ መግባት ነበረበት። ለምን አይገባም?

አሸዋ ነጋዴ
ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ላስበው።

ጡረተኛው መምህር
ዜሮ የማይገባው ጫት የሚሸጥ ሰው በፐርሰንት ስለማይሸጥ ነው። «ትናንት በ10 ፐርሰንት ወጣ፣ ዛሬ በ10 ፐርሰንት ይውረድ» የሚል ነጋዴ አላየሁም። ስንት እንደመጣና ስንት ፈላጊ እንዳለ አይቶ በብር ነው ዋጋ የሚጠራው። ብር ወጥቶ ያው ብር ሲወርድ በትክክል ይጣፋል። 50 ብር ጨምረህ 50 ብር ብትቀንስ ያው ነህ። ችግሩ የሚመጣው ፐርሰንትን በፐርሰንት ስታጣፋ ነው።

ደግሞ ፐርሰንቱ ትንሽ ከሆነ ኪሳራው አይታይም። በ1 ፐርሰንት ወጥቶ በ1 ፐርሰንት ቢወርድ የሚጠፋው ከመቶ አንድ መቶኛ ነው። ከ4,000 ብር ላይ 40 ሳንቲም። በ5 ፐርሰንት ከሆነ 10 ብር። ሰው «ያው ነው» የሚለው ለዚህ ነው፤ በትንሽ ቁጥር ላይ እውነት ይመስላል። በ50 ላይ ይህን የሚል ሰው ግን ሐረር ያለችውን እህታችንን ይጠይቅ።

የለገሃር ልጅ
የጫቱ መልስ ግማሹ ገባኝ። ግማሹን ከምሳ በኋላ አስብበታለሁ።

ከዚራ ጥላ ሥር
እኔ የደንበኛ ወገን ነኝ። እስካሁን ሁላችሁም ለሱቁ ነው ያለቀሳችሁት። ልጁ ግንቦት ላይ 25 ፐርሰንት ባይጭንብን ኖሮ የሚቀንሰውም አይኖርም ነበር። ሳቢያን ደግሞ 20 ፐርሰንት ቅናሽ ብለህ ለጥፍ ይለዋል። 4,000 እኮ የድሮው ዋጋ ነው! የድሮ ዋጋ መመለስ ምኑ ነው ቅናሽ?

ሳቢያን ሒሳብ ሠራተኛ
አሁን ካለው 5,000 ላይ 20 ፐርሰንት ነው፣ ቁጥሩ ውሸት የለውም።

ከዚራ ጥላ ሥር
ቁጥሩ አይዋሽም፣ ካርቶኑ ግን ይዋሻል። ሚያዝያ ላይ 4,000 የገዛች እናቴ ያን ካርቶን ብታይ ምን ትላለች?

አሸዋ ነጋዴ
በዚያ ሙቀት 5,000 የገዛው ሰውስ ምን ይበል? ገበያ ነው አቦ።

የመኪና ግርግር ሰፊ
እኔ ከከዚራው ጋር ነኝ። «ወደ ድሮ ዋጋው ተመልሷል» ብሎ ቢጽፍ ማን ይሞታል?

አሸዋ ነጋዴ
ማንም አይሞትም፣ ግን ማንም አይገባም።

ቬንትሌተሩ
ቅድም አጎቴን አስቀምጬ የመምህሩን ነገር አሳየሁት። አሮጌው 4,000 እና አዲሱ 1,000 ያሉትን። ወረቀት ላይ ራሱ ሠራው። ሌባ አይደለህም አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ስለ ሦስቱም ነገርኩት። ዝም አለ።

አሁን ጠቡ ሌላ ቦታ ነው። እሱ «3,500 አክስረኸኛል፣ ግማሹን ከደሞዝህ እቆርጣለሁ» ይላል። እኔ ደግሞ ከ14ቱ ሱቁ 2,100 አትርፏል፣ ኪሳራ የሚባለው የሦስቱ 250 ብር ገደማ ብቻ ነው አልኩት። ያልተገኘ ትርፍ ኪሳራ ይባላል እንዴ?

ሳቢያን ሒሳብ ሠራተኛ
በመዝገብ ኪሳራ አይባልም። በአጎት ቤት ግን ሌላ ሕግ ነው ያለው።

አሸዋ ነጋዴ
ይባላል። ባለቤቱ 4,000 ብለህ ሽጥ ብሎሃል። በታች ከሸጥክ ልዩነቱ ያንተ ነው። እኔ ብሆን ግን የመጀመሪያ ጥፋት ስለሆነ እተወው ነበር።

ጡረተኛው መምህር
አጎትህ ራሱ «25 ፐርሰንት ጨምር» ብሎ በፐርሰንት ጀመረ። በብር ቢናገር ይህ አይመጣም ነበር። ይህን በትህትና ንገረው። እኔ እንደነገርኩህ ግን አትንገረው።

ቬንትሌተሩ
መምህር፣ አጎቴ ይህን ክር እያነበበ ነው።

ከዚራ ጥላ ሥር
ሰላም አጎቴ! የቁም ቬንትሌተር በ3,515 ቀርቶ ይሆን?